ኢንቮይሱ ሰኔንም ሐምሌንም ሲይዝ፦ የወር ወጪን በትክክል አክሩ ማድረግ

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ወጪ የምመዘግበው ኢንቮይሱ እጄ ላይ በገባበት ቀን ነበር። ወረቀቱ መጣ፣ መዘገብኩ፣ አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ኦዲተሩ የጥበቃ ወጪውን ሌጀር ከፍቶ አየና፣ «አምና አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው የተጠበቃችሁት፤ ዘንድሮ ደግሞ አሥራ ሦስት ወር። ምንድን ነው ነገሩ?» አለኝ። አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ያላት መሆኗ ያን ቀን አላዳነኝም።

የሆነው ቀላል ነው። የጥበቃ ድርጅቱ ኢንቮይስ የሚሸፍነው ጊዜ የኛ ወር ሲዘጋ አይዘጋም። እነሱ በፈረንጅ ቀን ከወሩ 20 እስከ ቀጣዩ ወር 19 ድረስ ይቆጥራሉ፤ እኛ መጽሐፋችንን በኢትዮጵያ ወር እንዘጋለን፣ ዓመቱን ደግሞ ሰኔ 30። ስለዚህ እያንዳንዱ ኢንቮይስ ሁለት ወር ላይ ያርፋል። ከነሱ አንዱ ሁለት የበጀት ዓመት ላይ ያርፋል። ችግሩ በጥበቃ አይወሰንም፤ ኢንተርኔት፣ ጽዳት፣ የማሽን ኪራይ፣ የሶፍትዌር ክፍያ፣ በፈረንጅ ወር የሚከፈል ማንኛውም ነገር ጋ አለ። እዚህ ግን የጥበቃውን አንድ ኢንቮይስ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። እሱን የያዘ ሌላውን በራሱ ይሠራል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ድርጅት አራት ጠባቂ አለው፤ ለእያንዳንዱ በወር 15,000 ብር፣ በድምሩ ከቫት በፊት 60,000 ብር ይከፍላል። ክፍያው አገልግሎቱ ካለቀ በኋላ ነው። ኢንቮይሱ የሚሸፍነው ከጁን 20 እስከ ጁላይ 19፣ 2025 ነው። ወረቀቱ የሚደርሰው ከጁላይ 19 በኋላ፣ ማለትም ሰኔ ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ የተበላ ነው ወይስ ያልተበላ?

ካልኩሌተር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ኢንቮይሱ የሚመጣው አገልግሎቱ ካለቀ በኋላ ነው ወይስ ከመጀመሩ በፊት?

ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ በወሩ መዝጊያ ላይ አገልግሎቱን በልታችኋል፣ ግን አልከፈላችሁም፣ ወረቀትም የላችሁም። አክሩ የሚደረገው ይሄ ነው፤ ዕዳ ነው። ከመጀመሩ በፊት ተጠይቃችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ አገልግሎቱ ግን ገና ነው። ያ ቅድመ ክፍያ ነው፤ ሀብት ሆኖ ይቀመጥና የሐምሌው ድርሻ ወደ ሐምሌ ይሻገራል።

ይሄን የማነሳው ሁለቱን አቀላቅለው የሚሠሩ ሰዎች ስላየሁ ነው። ሁሉንም «አክሩዋል» ብለው በአንድ አካውንት ይከምሩታል። ከዚያ የቅድመ ክፍያው ዴቢት የአክሩዋሉን ክሬዲት ይበላውና አካውንቱ ዜሮ ይመስላል። ዜሮ የሆነ አካውንት ደግሞ ማንም አይመረምረውም።

የክፍያ ሁኔታውን ከኢንቮይሱ ሳይሆን ከውሉ አንብቡ። ኢንቮይስ ላይ «የጁላይ ክፍያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከጁላይ የትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ አይናገርም። ውሉ ግን ሥራው የተጀመረበትን ቀን ይዟል። የእኛው ውል በፈረንጅ ወር 20ኛ ቀን ስለጀመረ ነው ዑደቱ ከ20 እስከ 19 የሆነው።

ሁለተኛ፦ ቀኑን ቁጠሩ

ሁሉንም ቀን ወደ አንድ ካሌንደር አምጡ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ሁለቱን ግን በአንድ ስሌት ውስጥ አታደባልቁ።

ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው፣ ሰኔ 1 ደግሞ ጁን 8። ጁን 20 ስንቆጥር ሰኔ 13 ይሆናል፣ ጁላይ 19 ሐምሌ 12። ኢንቮይሱ እንግዲህ ከሰኔ 13 እስከ ሐምሌ 12፣ 2017 ይሸፍናል።

ከሰኔ 13 እስከ ሰኔ 30 ስንት ቀን ነው? ብዙ ሰው 30 ሲቀነስ 13 ይልና 17 ይጽፋል። አይደለም፤ 18 ነው። ጠባቂው ሰኔ 13ም በሩ ላይ ቆሟል፣ ሰኔ 30ም ቆሟል። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን ይቆጠራል። ሐምሌ ላይ 12 ቀን አለ። 18 እና 12 ሲደመር 30፤ ጁን 20 እስከ ጁላይ 19 ደግሞ በፈረንጅ ሲቆጠር 11 እና 19፣ እሱም 30። ሁለቱ ድምር ካልገጠመ የሆነ ቦታ አንድ ቀን ጠፍቷል። ይሄን ማመሳከሪያ ሳልሠራ ቀጥዬ አላውቅም፤ አሥር ሰከንድ ነው የሚወስደው።

አንድ ወጥመድ አለ። ያለፈውን ዓመት የቀን ሰንጠረዥ ኮፒ አድርጎ መጠቀም። ለሐምሌና ለሰኔ ችግር የለውም። ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። 2015 ላይ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች፤ ቀጣዩ 2019 ነው። ስለዚህ በ2020 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት የወር መዝጊያ ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። መስከረም 30 ኦክቶበር 10 ሳይሆን 11 ይሆናል። የካቲት ላይ፣ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን ሲያስገቡ፣ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሦስተኛ፦ ድርሻውን አውጡ

60,000 ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 2,000 ብር። የሰኔ ድርሻ 18 ጊዜ 2,000፣ 36,000 ብር። ለሐምሌ የሚቀረው 24,000 ብር።

አካፋዩ የኢንቮይሱ የራሱ ቀን ብዛት ነው እንጂ ሁልጊዜ 30 አይደለም። በፊቱ የነበረው ኢንቮይስ ከሜይ 20 እስከ ጁን 19 ነበር፤ ያ 31 ቀን ነው። በግንቦት 12 ጀምሮ ሰኔ 12 ላይ ያልቃል። 19 ቀኑ የግንቦት፣ 12 ቀኑ የሰኔ። የሰኔ ድርሻው 60,000 ጊዜ 12 ሲካፈል ለ31፣ ማለትም 23,225.81 ብር ነው። ለ30 ብታካፍሉት 24,000 ይመጣና የግንቦትና የሰኔ ድርሻ ተደምሮ 62,000 ይሆናል። ያልተጠየቃችሁትን 2,000 ብር መዘገባችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ የሰኔ ሙሉ የጥበቃ ወጪ 23,225.81 ሲደመር 36,000፣ 59,225.81 ብር ነው። አለቃችሁ «ወሩ 60,000 አይደል እንዴ? 774 ብሩ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም። የትም አልገባም። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የነሱ ወር አንዳንዴ 31 ነው። ትርፉ ቀን ተጠራቅሞ ጳጉሜ ላይ ይወጣል። ወደ መጨረሻው በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ኤክሴል ላይ እንዲህ አስቀምጡት። A2 ላይ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ፣ B2 ላይ መነሻ ቀን፣ C2 ላይ መድረሻ ቀን፣ F1 ላይ የመዝጊያው ቀን፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ። D2 የተበላውን ቀን ይቆጥራል፣ E2 ብሩን ያወጣል።

```
D2: =MAX(0,MIN(C2,$F$1)-B2+1)
E2: =ROUND(A2*D2/(C2-B2+1),2)
```

B2 ላይ ጁን 20፣ C2 ላይ ጁላይ 19፣ F1 ላይ ጁላይ 7፣ 2025 ስታስገቡ D2 ላይ 18፣ E2 ላይ 36,000 ካልመጣ ቀኑን እንደ ጽሑፍ አስገብታችሁታል። `+1` የምትለዋ ናት ቅድም ያልኳችሁ የጠፋችው ቀን። ለሐምሌ የሚቀረውን እንደገና በቀመር አታውጡ፤ ከ60,000 ላይ ቀንሱት። እንደዚያ ካደረጋችሁ የሳንቲም ልዩነት አይፈጠርም።

በቀን ማካፈል የማያዋጣበት ጊዜ

ቀን መቁጠር የሚሠራው አገልግሎቱ በየቀኑ እኩል ሲሆን ነው። ሁለት ነገር ያበላሸዋል።

አንዱ የዋጋ ለውጥ ነው። የበጀት ዓመት ሲቀየር ዋጋ የሚጨምር ድርጅት ብዙ ነው። ጥበቃው ከሐምሌ 1 ጀምሮ በወር 72,000፣ ማለትም በቀን 2,400 ቢሆን፣ ይሄው ኢንቮይስ 18 ቀን በ2,000 እና 12 ቀን በ2,400፣ በድምሩ 64,800 ሆኖ ይመጣል። ይሄን በጅምላ ለ30 አካፍላችሁ በ18 ብታባዙት ለሰኔ 38,880 ይወጣል። ትክክሉ ግን አሁንም 36,000 ነው። የሐምሌ ጭማሪ 2,880 ብር ወደ አምና ሾልኮ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲቀየር በየዋጋው ለየብቻ ቁጠሩ።

ሌላው ተቀናሽ ነው። ጥበቃ ላይ የተለመደ ነው፤ ጠባቂ ካልመጣ የዚያ ቀን ሒሳብ ይቀነሳል። አንድ ጠባቂ በቀን 500 ብር ነው። ሰኔ 20 እና 21 የኋላው በር ባዶ ከነበረ 1,000 ብር ይቀነሳል፤ ቅናሹም የሰኔ ነው፣ አክሩዋሉ 35,000 ይሆናል። ይሄን ከየት ታውቃላችሁ? ከበሩ ላይ ካለው የፊርማ መዝገብ። ሰኔ 30 ማታ ወይም ሐምሌ 1 ጠዋት ወርዳችሁ ገጹን በስልክ አንሱት። ድርጅቱ የራሱን ኢንቮይስ ሲያዘጋጅ የቀረውን ቀን ላይጽፈው ይችላል፤ ያኔ ፎቷችሁ ለክርክርም ይጠቅማል። እኔ አንዴ ዝም ብዬ ያለፍኩት ተቀናሽ ሦስት ወር ቆይቶ ሲነሳ መዝገቡ አልቆ በአዲስ ተተክቶ፣ የድሮው የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

በቆጣሪ የሚከፈል ነገር ደግሞ በቀን ባይከፋፈል ይሻላል። የፋብሪካ መብራት ከሆነ ሰኔ 30 ላይ ቆጣሪውን አንብባችሁ ባለፈው ኢንቮይስ ላይ ካለው ንባብ ቀንሱ። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ቆሞ ከነበረ የቀን ስሌት ይዋሻችኋል።

አራተኛ፦ መመዝገብ፣ ያለ ቫት

ሰኔ 30፣ በፈረንጅ ጁላይ 7፣ 2025 ቀን ተጽፎበት የሚገባው ጆርናል ይሄ ነው።

ዴቢት፦ የጥበቃ ወጪ 36,000
ክሬዲት፦ የተጠራቀመ ተከፋይ ወጪ 36,000

ማብራሪያው ላይ «አክሩዋል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ጥበቃ፣ ከሰኔ 13 እስከ 30፣ 18 ቀን በ2,000» ብላችሁ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ የሚጠይቃችሁ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ናችሁ።

ቫቱን ያልጨመርኩት ረስቼ አይደለም። በቫት የተመዘገበ ድርጅት የከፈለውን ቫት የሚያቀናንሰው ሕጋዊ የቫት ደረሰኝ ሲይዝ ነው። ሰኔ 30 ላይ ደረሰኝ የለም። ደግሞም ቫቱ ከሚሰበሰበው ላይ ስለሚቀነስ ወጪ አይደለም። 36,000 ላይ 15 በመቶ ጨምሮ 41,400 ወጪ የሚያደርግ ሰው ሰኔን በ5,400 ብር አሳብጧል። በቫት ያልተመዘገባችሁ ከሆናችሁ ግን ቫቱ የማይመለስ ወጪ ነው፤ ያኔ 41,400 ብላችሁ መመዝገብ ትክክል ነው። ዊዝሆልዲንግም እዚህ አይገባም፤ የሚቆረጠው ክፍያ ሲፈጸም ነው።

ተከፋዩን ከአቅራቢዎች ተከፋይ ሂሳብ ጋር አታደባልቁት። እዚያ የሚገባው ኢንቮይስ የመጣለት ነገር ነው። አክሩዋሉን የድርጅቱ ስም ሥር ከከተታችሁት፣ ገንዘብ ክፍሉ ዝርዝሩን አይቶ 36,000 ብር ቼክ ሊያዘጋጅ ይችላል። ሲደረግ አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ መገልበጥ፣ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው

አክሩ ማድረግን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው መገልበጡ ነው፤ በአራዳ ቋንቋ ሪቨርስ ማድረጉ። ሐምሌ 1 ላይ የሰኔ 30ውን ጆርናል ግራና ቀኙን ቀይራችሁ አስገቡ።

ዴቢት፦ የተጠራቀመ ተከፋይ ወጪ 36,000
ክሬዲት፦ የጥበቃ ወጪ 36,000

ሐምሌ 1 ላይ የጥበቃ ወጪው ከዜሮ በታች 36,000 ሆኖ ይታያል። አትደንግጡ፤ ኢንቮይሱን እየጠበቀ ነው። ሐምሌ 14 አካባቢ ወረቀቱ ሲመጣ መዝጋቢው ምንም ሳያስብ እንደ ወትሮው ያስገባዋል፤ 60,000 ወጪ፣ 9,000 ቫት፣ 69,000 ለአቅራቢው ተከፋይ። ከዜሮ በታች 36,000 ላይ 60,000 ሲጨመር 24,000 ይቀራል። ልክ የሐምሌ 12 ቀን ድርሻ። የመገልበጥ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ኢንቮይስ የሚያስገባው ልጅ ስለ አክሩዋል ማወቅ አይጠበቅበትም። ቅድም ያነሳነው የ1,000 ብር ተቀናሽ ካለም ኢንቮይሱ 59,000 ሆኖ ይመጣል፣ የገለበጣችሁት 35,000 ነው፣ ሐምሌ ላይ የሚቀረው እንደገና 24,000።

ካልገለበጣችሁ ሰኔ 36,000 ወሰደ፣ ሐምሌ ደግሞ ሙሉ 60,000፤ ለአንድ ኢንቮይስ 96,000 ብር ወጪ። ትርፍ በ36,000 ቀነሰ፣ የሌለ ዕዳ በባላንስ ሺቱ ላይ ተቀመጠ።

ሶፍትዌሩ ሊሠራላችሁ ይችላል። ፒችትሪ ላይ የጆርናል መስኮቱ ውስጥ `Reverse Transaction` የምትል ሳጥን አለች። እሷን ምልክት ስታደርጉ በቀጣዩ የሂሳብ ወቅት የመጀመሪያ ቀን ይገለብጥላችኋል። የሂሳብ ወቅቶቹ ግን በኢትዮጵያ ወር መዝጊያ ልክ መሞላት አለባቸው። ኩዊክቡክስ ላይ `Reverse` ስትሉት ግልባጩን የሚጽፈው በቀጣዩ የፈረንጅ ወር 1ኛ ቀን ነው። የጁላይ 7 ጆርናል ኦገስት 1 ላይ ይገለበጣል ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ሐምሌ 25 ነው። የሐምሌ ድምር አይበላሽም፣ ያው ወር ነው። ግን ሐምሌ 20 ላይ ሪፖርት ያወጣ ሰው ወጪው ተደርቦ ያገኘዋል፣ «ሳይገለበጥ ቀርቷል» ብሎ በእጁ ይገለብጠዋል፣ ኦገስት 1 ሲደርስ ሶፍትዌሩ ያስቀመጠው ሁለተኛ ግልባጭ ይጠብቀዋል። ቀኑን እዚያው ወደ ጁላይ 8 ቀይሩት።

ሰኔ 30 የዓመት መዝጊያ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ግልባጩ የሚገባው አዲሱ ዓመት ውስጥ፣ ሐምሌ 1 ነው። የዓመቱን ወጪ አካውንቶች ከመዝጋታችሁ በፊት በሰኔ 30 ቀን ከገለበጣችሁት አክሩዋሉን ራሱን አጠፋችሁት፤ ምንም እንዳልሠራችሁ ነው።

ኢንቮይሱ ሐምሌ 30ም ባይመጣስ?

ይመጣል የተባለው ሳይመጣ ሁለተኛው መዝጊያ ይደርሳል። የተለመደ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሐምሌን 18 ቀን ብቻ አክሩ አድርጎ ያልፋል። ሐምሌ 1 ላይ ግን የሰኔውን ገልብጣችኋል። በመጽሐፉ ላይ የሰኔው 36,000 ዕዳ የለም፤ በእውነቱ ግን አለ።

ስለዚህ ሐምሌ 30፣ ማለትም ኦገስት 6 ላይ፣ እስከዚያ ቀን ኢንቮይስ ያልመጣለትን ሁሉ ከመጀመሪያው አንስታችሁ አክሩ አድርጉ። የመጀመሪያው ኢንቮይስ ሙሉ 60,000። ሁለተኛው ከጁላይ 20 እስከ ኦገስት 19፣ 31 ቀን ያለው፤ ከሐምሌ 13 እስከ 30 ያለው 18 ቀን ሲሰላ 34,838.71። ድምሩ 94,838.71። ሐምሌ ላይ ከዜሮ በታች 36,000 ነበር፤ የወሩ ወጪ 58,838.71 ሆኖ ይቀመጣል። ኢንቮይሱ በጊዜው መጥቶ ቢሆን ኖሮም 24,000 ሲደመር 34,838.71፣ ያው 58,838.71 ነበር። በሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ከመጣ ትክክል ሠርታችኋል።

ጳጉሜ

እኔ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደ አንድ ወቅት ነው የምዘጋው። ሰነፍ ስለሆንኩ ይሆናል፤ ግን ለአምስት ቀን ብሎ ሙሉ የመዝጊያ ሥራ መሥራት አይገባኝም። የነሐሴ 1 እስከ 13 ድርሻ ከሁለተኛው ኢንቮይስ የቀረው 25,161.29 ነው። ቀጣዩ ኢንቮይስ ከኦገስት 20 እስከ ሴፕቴምበር 19 ነው። ከነሐሴ 14 እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ 22 ቀን ይወስዳል፤ 60,000 ጊዜ 22 ለ31፣ 42,580.65። ሲደመር 67,741.94 ብር።

ሰኔ ላይ «774 ብሩ የት ገባ?» ያለው አለቃ አሁን «ለምን በ7,700 ጨመረ?» ይላል። 35 ቀን ስለሆነ ነው። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ማስታወሻ ጻፉና ገላገሉት። ለማስተካከል ብላችሁ በየወሩ 60,000 ብትመዘግቡ ወሮቹ ያምራሉ፣ የተጠራቀመ ተከፋይ ሂሳቡ ግን ከምትከፍሉት ጋር መቼም አይገጥምም።

ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ሁለት ቦታ ነው የማየው።

መጀመሪያ የጥበቃ ወጪውን አሥራ ሁለት ወር ጎን ለጎን አወጣለሁ። ከ58,000 እስከ 62,000 መካከል ሊመላለስ ይገባል፣ የነሐሴና ጳጉሜው ብቻ ከፍ ብሎ። አንዱ ወር ባዶ ሆኖ ቀጣዩ እጥፍ ከሆነ አክሩዋል ተረስቷል። አንድ ወር 96,000 አካባቢ ሆኖ ሌላው ካልቀነሰ ሳይገለበጥ ቀርቷል።

ከዚያ የተጠራቀመ ተከፋይ ወጪ ሌጀሩን እከፍታለሁ። በወሩ መዝጊያ እያንዳንዱ ቀሪ ቁጥር የሆነ ያልመጣ ኢንቮይስ የተወሰነ ቀን ድርሻ መሆን አለበት። ከሁለት ወር በፊት የነበረ 36,000 አሁንም በክሬዲት ከቆመ ማንም አልገለበጠውም። ወደ ዴቢት ከዞረ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተገልብጧል፤ ወይም ተገልብጦ ሳለ ኢንቮይሱ ሲመጣ መዝጋቢው ወጪ ላይ ሳይሆን ይሄ አካውንት ላይ አስገብቶታል። ዴቢት የሆነ ተከፋይ ሳይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው።

ትንንሽ ነገርንስ? ለ400 ብር ጋዜጣ ይሄን ሁሉ አትልፉ። ድርጅቱ ለራሱ መጠን ይወስን፣ በጽሑፍ ያስቀምጠውና ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ይጠቀም። በየወሩ አይቀያየር፤ በተለይ ትርፉ ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚል ወሰን ኦዲተር ዓይን ውስጥ ይገባል።

ለሰኔ 30 አክሩዋል ፋይሉ ውስጥ አራት ወረቀት አያይዛለሁ፦ የውሉን የዋጋና የጊዜ ገጽ፣ የቀን ስሌቱን፣ የፊርማ መዝገቡን ፎቶ፣ በኋላም የመጣውን ኢንቮይስና ደረሰኝ። የመጨረሻው ሐምሌ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ጊዜ ስላለው ግን ከማሳወቁ በፊት ይደርሳል። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ሐምሌ ስለሆነ «ይሄ የዘንድሮ አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ያኔ ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን የስሌቱን ወረቀት ጭምር ነው የማሳየው፤ 18 ቀን ሰኔ፣ 12 ቀን ሐምሌ። ኢንቮይሱ ከገመታችሁት ተለይቶ ቢመጣና የዓመቱ ሂሳብ ገና ያልተፈረመ ከሆነ ደግሞ ሰኔ 30ን ከፍታችሁ አክሩዋሉን አስተካክሉት፣ የሐምሌ 1 ግልባጩንም በዚያው መጠን።